«መጽሐፉን ስከፍት አውቀዋለሁ፤ ፈተናው ላይ ይጠፋብኛል»

ለተከበሩ መምህሬ፣

የአምስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ። የመውጫ ፈተናው ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነው ተብለናል፤ ይኸው የካቲት አጋማሽ ደረሰ። ባለፈው ሳምንት በተሰጠን መለማመጃ ፈተና ከ100 ጥያቄ 41 መለስኩ። ከዚያ ቀጥሎ በተሰጠው የጽሑፍ ጥያቄ ደግሞ የቤት ሽያጭ ጉዳይ መጥቶብኝ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ልቤ ይመታል፤ አንድ ቁጥር እንኳ ሊመጣልኝ አልቻለም። ወጥቼ ሕጉን ስከፍተው ግን ሁሉንም አውቀዋለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ ምዕራፍ ሦስት ላይ ቆሟል፤ አራት ኮርስም አለብኝ። ማታ ማታ በቡና እየታገዝኩ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አነባለሁ፤ የሚገባኝ ግን እያነሰ ነው። ከየት ልጀምር? ድንጋጤውንስ ምን ላድርገው?

ት.፣ ከአራት ኪሎ

መልስ

መጀመሪያ የመለማመጃ ወረቀትሽን አውጪና የሳትሻቸውን 59 ጥያቄዎች በሦስት ክፈያቸው። አንደኛው ክፍል ጭራሽ የማታውቂያቸው ነው። ሁለተኛው ሁለት ምርጫ ላይ ደርሰሽ የተሳሳተውን የያዝሽባቸው። ሦስተኛው የምታውቂያቸው ሆነው በጥድፊያ፣ በድንጋጤ ወይም «ካልሆነ በቀር» የምትል ሐረግ ዘለሽ የሳትሻቸው። ስትከፍዪ ራስሽን እንዳታታልዪ አንድ ደንብ ያዢ፤ ምርጫዎቹን በእጅሽ ሸፍነሽ ጥያቄውን ብቻ አንብቢ፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መልሱን በራስሽ ቃል ካልተናገርሽ ጥያቄው ወደ አንደኛው ክፍል ይሄዳል። መልሱን ካየሽ በኋላ «አውቀው ነበር» ማለት አይቆጠርም። ሥራው ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ግን ከዚህ በኋላ የምታደርጊውን ሁሉ የሚወስነው እሱ ነው።

ይህን ያህል የማስጨንቅሽ ሦስቱ ክፍሎች መድኃኒታቸው ስለማይገናኝ ነው። የማታውቂውን ማንበብ ያድነዋል። የሚምታታብሽን ግን ደጋግሞ ማንበብ ይብሰዋል እንጂ አያድነውም፤ እሱ የሚፈልገው ሁለቱን ጎን ለጎን ማቆም ነው። በድንጋጤ የሳትሽውን ደግሞ በሰዓት የተለካ ልምምድ እንጂ ሌላ ነገር አይነካውም። ለማለፍ የሚጠየቀው 50 ከመቶ ስለሆነ የጎደለሽ 9 ጥያቄ ነው። ሦስተኛው ክፍል ውስጥ 15 ጥያቄ ካገኘሽ፣ አዲስ ሕግ ሳትማሪ ማለፍ የሚያስችልሽ ነጥብ እጅሽ ላይ አለ ማለት ነው። ሦስተኛው 3 ብቻ ሆኖ አንደኛው 40 ከሆነ ደግሞ ችግርሽ ጭንቀት አይደለም፤ አልተነበበም ማለት ነው፤ ጭንቀቱ ትክክለኛ ወሬ እያመጣልሽ ነው። ብዙ ተማሪ ይህን ሳይለይ ለሁሉም አንድ መድኃኒት ይወስዳል፤ ያም መድኃኒት እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሞጁል ማገላበጥ ነው።

ለሁለተኛው ክፍል በአንድ ወረቀት ላይ ሁለትና ሦስት የሚመሳሰሉ ድንጋጌዎችን ብቻ ጻፊ። ለምሳሌ የይርጋ ጊዜን ውሰጂ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1810 ውሉ ይፍረስልኝ ባይ ለማፍረሻ የሆነው ምክንያት ከተወገደበት ጊዜ አንሥቶ ሁለት ዓመት አለው። በቁጥር 1845 ውል ይፈጸምልኝ ለሚል ክስ፣ በሕግ ሌላ ነገር ካልተወሰነ በቀር፣ አሥር ዓመት ነው። ከውል ውጪ ኃላፊነት ላይ ደግሞ በቁጥር 2143 ሁለት ዓመት ነው፤ ጉዳቱ የደረሰው በወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ረዘም ካለ ግን ረጅሙ ይወሰዳል። ሦስቱን ለየብቻ ካነበብሻቸው «ሁለት» እና «አሥር» የሚባሉ ቁጥሮች ናቸው የሚቀሩሽ። ጎን ለጎን ስታቆሚያቸው ግን የሚለያቸው ጥያቄ ይወጣል፤ «ከሳሹ የሚፈልገው ምንድን ነው? መፍረስ፣ መፈጸም ወይስ ካሣ?» ምርጫውን የምትለዪው በዚህ ጥያቄ ነው። በወንጀል ሕጉ 539፣ 540 እና 541 ላይም እንዲሁ አድርጊ፤ ከባድ፣ ተራና ቀላል የሰው ግድያን የሚለየውን ነገር በየአንዳንዱ ፊት በአንድ መስመር ጻፊ።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ሕጉን ስትከፍቺው የምታውቂው፣ ፈተናው ላይ የሚጠፋው ለምንድን ነው? መጽሐፉ ፊትሽ ሲሆን ያደረግሽው መለየት ነው፤ ገጹን አይተሽ «አዎ፣ ይሄ ነው» ማለት። ፈተናው የሚጠይቀው ግን ከባዶ ወረቀት ማውጣት ነው። ሁለቱ ችሎታዎች የተለያዩ ናቸው፤ መቶ ጊዜ ማንበብ የመጀመሪያውን ብቻ ያሳድጋል። በሕግ ትምህርት ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። አንቺ የምታጠኚው በሕጉ ተራ ነው፤ ከቁጥር 1675 ተነሥተሽ ወደ ታች። ጥያቄው የሚመጣው ግን በታሪክ ነው፤ ሰው ቤት ሸጠ፣ ገንዘብ ተቀበለ፣ ሐሳቡን ቀየረ። በታሪኩ ውስጥ ቁጥር የለም። በታሪኩና በቁጥሩ መካከል ያለውን መንገድ ተለማምደሽው ካልሆነ፣ ልብሽ መምታት ሲጀምር በአእምሮሽ ውስጥ ለማሰብ የቀረውን ትንሽ ቦታ ፍርሃቱ ይይዘዋል፤ መንገዱም ይዘጋል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ትልቅ ዘርፍ አንድ የመነሻ መስመር ይኑርሽ፤ ምንም ባይመጣልሽ እጅሽ በራሱ የሚጽፈው። ለውል ሕግ ቁጥር 1678 ይበቃል። ሦስት ፊደል ነው ያለው፤ ሀ ላይ ችሎታና ጉድለት የሌለው ስምምነት፣ ለ ላይ በቂ እርግጠኛነት ያለው፣ የሚቻልና ሕጋዊ የሆነ ጉዳይ፣ ሐ ላይ ሕግ ያዘዘው ፎርም። ለወንጀል ሕግ አንቀጽ 23 ነው፤ ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገር። ለፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የዳኝነት ሥልጣን፤ የሥረ ነገሩም የግዛቱም። የጥያቄ ወረቀቱን እንደተቀበልሽ፣ ጥያቄውን እንኳ ሳታነቢ፣ እነዚህን መስመሮች በረቂቅ ወረቀትሽ ጥግ ላይ ጻፊያቸው። ሁለት ደቂቃ ነው የሚወስድብሽ። ጥቅሙ ሁለት ነው፤ በኋላ ማስታወስ አይጠበቅብሽም፤ እጅሽም መጻፍ ይጀምራል፤ መጻፍ የጀመረ እጅ ደግሞ መንቀጥቀጡ ይቀንሳል።

የቤት ሽያጩን ጥያቄ በዚሁ መንገድ አብረን እንሥራው። ታሪኩ ይህን ይመስላል ብለን እንያዝ፤ ሻጭ ፒያሳ አካባቢ ያለ ቤቱን በ4 ሚሊዮን ብር ለገዢ ሸጠ፤ በወረቀት ተጽፎ ሁለቱም ፈረሙ፤ ሦስት ምስክሮችም ፈረሙ፤ ገዢ 1 ሚሊዮን ብር ከፈለች። ከስድስት ወር በኋላ የቤት ዋጋ ሲጨምር ሻጭ «አልሸጥም» አለ። ገዢ ውሉ ይፈጸምልኝ ብላ ከሰሰች። የተሰጠሽ ጊዜ 30 ደቂቃ ነው። አምስቱን ለማንበብ፣ አምስቱን ለመልሱ አጽም፣ አሥራ ሰባቱን ለመጻፍ፣ ሦስቱን ለማረም መድቢ።

አጽሙን ስትሠሪ 1678ን በታሪኩ ላይ አስኪጂው። ችሎታ፦ ታሪኩ ላይ ችግር የለም፤ እለፊው። ስምምነት፦ ስሕተትም፣ ተንኮልም፣ ኃይልም አልተጠቀሰም፤ እለፊው። ጉዳይ፦ ሕጋዊ ነው፤ እለፊው። ፎርም፦ እዚህ ላይ ብዕርሽ ይቆማል። ጭብጡ ተገኘ ማለት ነው፤ «በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት ፊት ያልተደረገ የቤት ሽያጭ ውል በሕግ ፊት ይጸናል?» አብዛኛው ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው፤ «ሻጭ ውሉን ስላፈረሰ ካሣ ይክፈል» ብሎ ወደ 1771 ይዘልላል። ውል መኖሩ ሳይረጋገጥ ስለ አለመፈጸሙ ማውራት ከቅደም ተከተል ስሕተት ሁሉ የከፋው ነው፤ የተደናገጠ አእምሮ ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው የታሪኩን መጨረሻ ስለሆነ ወደዚህ ይስባል።

ከጭብጡ ቀጥሎ ሕጉ። ቁጥር 1719 መሠረቱን ያስቀምጣል፤ ሕግ ካላዘዘ በቀር ውል የተለየ ፎርም አያስፈልገውም። ቁጥር 1723 ግን የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ቁጥር 2877 በሽያጭ ክፍል ውስጥ ሆኖ የሚያነሣው ጽሑፍን ብቻ ነው። ቁጥር 1727 ደግሞ በጽሑፍ የሚደረግ ውል በተዋዋዮቹና በሁለት ምስክሮች እንዲፈረም ይጠይቃል። ቁጥር 1720 የፎርም ጉድለት ያለበትን ጽሑፍ ውል ሳይሆን ረቂቅ ነው ይለዋል።

ትንታኔው የሚያስገኝሽ ነጥብ ብዙ ነው፤ ጊዜሽን እዚህ አድርጊው። ምስክሮቹ ሦስት ስለሆኑ 1727 ተሟልቷል። ለገዢ የሚሟገት ሰው ምን ይላል? «የሽያጭ ልዩ ድንጋጌው 2877 ነው፤ እሱም ጽሑፍ ብቻ ይጠይቃል፤ ልዩ ድንጋጌ ጠቅላላውን ይቀድማል» ይላል። ለሻጭ የሚሟገተው ደግሞ «ሁለቱ አይጋጩም፤ 2877 ጽሑፍን ሲያነሣ ምዝገባን አልከለከለም፤ ስለዚህ 1723 በላዩ ይታከላል» ይላል። ሁለቱንም ጻፊ፤ ከዚያ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1723 ላይ የሰጠውን ትርጉም አምጪ፤ ትርጉሙ በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳልና። ሻጭ ውሉን ማድረጉን ያመነ መሆኑንና የካደ መሆኑንም ከታሪኩ ላይ ፈልጊ፤ ይህችን ፍሬ ነገር ፈታኙ ሆን ብሎ የሚያስገባት ናት። መደምደሚያሽ ውሉ አይጸናም ከሆነ እዚያ ላይ አትቁሚ፤ 1 ሚሊዮኑ ብር ምን ይሆናል? ቁጥር 1815 ተዋዋዮቹን ወደ ነበሩበት መመለስን ያነሣል፤ ገንዘቡ ይመለሳል። ብዙ ተማሪ ይህችን የመጨረሻ መስመር ይረሳታል።

በሳምንት ሁለት እንዲህ ያለ ጥያቄ ሥሪ፤ መጽሐፍ ዘግተሽ፣ ሰዓት ይዘሽ፣ በእጅ ጽፈሽ። ከዚያ ሕጉን ከፍተሽ በሌላ ቀለም ራስሽን አርሚ። የመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ጥያቄዎች አስቀያሚ ይሆናሉ፤ ከዚያ የሚለወጠው ጽሑፍሽ ከመሻሻሉ በፊት አጽም ለመሥራት የሚፈጅብሽ ጊዜ ነው። ከአሥር ደቂቃ ወደ አምስት ሲወርድ ሥራው እየያዘ ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር በጎን ላንሣ፤ ስለ እሱ ማንም አይናገርም። ለጓደኛሽ በአማርኛ ስታስረጂ የሚፈስልሽ ትንታኔ በእንግሊዝኛ ስትጽፊ የሚቆም ከሆነ፣ የጠፋሽ ሕጉ ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩ ነው። ተማሪዎች በግቢው ሣር ላይ ተቀምጠው በአማርኛ ይወያያሉ፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ይመጣል። ውይይቱን አትተዪው፤ ለመረዳት ጥሩ ነው። ግን ጭብጥ የምትከፍቺበትን፣ ሕግ የምትጠቅሺበትን፣ የሌላውን ወገን ክርክር የምታመጪበትን እና የምትደመድሚበትን አራት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አንድ ጊዜ በደንብ አዘጋጂና ለሁሉም ጥያቄ እነሱኑ ተጠቀሚባቸው። ውበት አይጠበቅብሽም። አእምሮሽ በቃላት ፍለጋ ካልተያዘ ለሕጉ ይተርፋል።

የመውጫ ፈተናው በኮምፒውተር ስለሆነ ድንጋጤው የሚመጣበት መንገድ ትንሽ ይለያል። መቶ ጥያቄ በሦስት ሰዓት ከሆነ ለአንዱ የሚደርሰው ሁለት ደቂቃ አይሞላም፤ ረጅም ታሪክ ያለው ጥያቄ ግን አራት ደቂቃ ሊበላ ይችላል። ስለዚህ በሦስት ዙር ሂጂ። በመጀመሪያው ዙር እንዳነበብሽ የመለስሻቸውን ብቻ ያዢ፤ አንድ ደቂቃ ያለፈውን ምልክት አድርገሽ ተይው። በሁለተኛው ወደ ሁለት ምርጫ የወረዱትን። በሦስተኛው የቀሩትን። የመጀመሪያውን ዙር በ80 ደቂቃ ለመጨረስ ተለማመጂ። የመጀመሪያው ጥያቄ ከባድ ሆኖ ሲመጣ ሰው ሁሉ የሚሠራው ስሕተት እዚያው መታገል ነው፤ ሰባት ደቂቃ ይሄድና ከዚያ በኋላ ያሉት ሁሉ በጥድፊያ ይነበባሉ። መመሪያው ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ይቀነሳል ካላለ ባዶ የምትተዪው ጥያቄ አይኑር። መልስ የምትቀይሪው ደግሞ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻልሽ ብቻ ነው፤ «ጥርጣሬ ገባኝ» ምክንያት አይደለም። መብራት ወይም ኔትወርክ ከተቋረጠ እጅሽን አንሥተሽ ፈታኙን ጥሪ፤ ራስሽ ዘግተሽ ለመክፈት አትሞክሪ።

ልብሽ መምታት ከጀመረ እጅሽን ከመዳፊቱ ላይ አንሺ። በአፍንጫሽ እስከ አራት እየቆጠርሽ አስገቢ፣ እስከ ስድስት እየቆጠርሽ አስወጪ፤ ስድስት ጊዜ። አንድ ደቂቃ ነው። የሚሠራው መተንፈሱ ሳይሆን የማስወጫው መርዘም ነው፤ የልብ ምትን የሚያዘገየው እሱ ነው። በትልቁ መሳብ ግን ማዞር ያመጣል፤ ሰዎች «ሞከርኩት፣ ባሰብኝ» የሚሉት ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ይህንንም በየሳምንቱ መለማመጃ ላይ አድርጊው እንጂ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰኔ አትሞክሪው።

ስለ ቡናው። የእጅ መንቀጥቀጥና የልብ መምታት የፍርሃት ምልክት ብቻ አይደሉም፤ የቡናም ናቸው። አእምሮሽ ሁለቱን አይለይም፤ ልብ ሲመታ ካየ «ፈርቻለሁ» ብሎ ይተረጉመዋል። የካፌይኑ ግማሽ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ አምስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ከቀኑ 11 ሰዓት የጠጣሽው ቡና እኩሌታው ማታ 4 ሰዓት ላይም አብሮሽ አለ ማለት ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ስኒ ከቀኑ 8 ሰዓት አይለፍ። በአንድ ጊዜ ከቆረጥሽው ራስ ምታት ይይዝሻል፤ በየሦስት ቀኑ አንድ ስኒ ቀንሺ። ጫትም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሌሊቱን ያነቃል፣ ነገውን ይወስዳል፤ በማግስቱ የሚመጣው ድብርት ደግሞ ለጭንቀት ሰው ከሁሉ የከፋ ጓደኛ ነው። ያነበብሽው ነገር የሚጸናው በእንቅልፍ ውስጥ ስለሆነ ከሌሊቱ 5 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለእንቅልፍ ይሁን። የምትጾሚ ከሆነ ደግሞ አሁን ሁዳዴ ላይ የመለማመጃ ፈተናሽን ጠዋት በ3 ሰዓት፣ ሳትበዪ ሥሪው፤ የሐዋርያት ጾም ከፈተናው ጋር ሊገጥም ስለሚችል ሰውነትሽ ያንን ሁኔታ አስቀድሞ ይወቀው።

አሁን ሰሌዳው። እስከ ሰኔ መጀመሪያ 15 ሳምንት ገደማ አለሽ። ስሕተቱ ሁሉንም ነገር በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማድረግ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፍ በግማሽ ሰዓት አይጻፍም። ጽሑፉ ደግሞ በአንቺ እጅ ብቻ ያለ ሥራ አይደለም፤ አማካሪሽ የሚያነብበት ጊዜ አለ፤ ያንን ጊዜ አንቺ ማሳጠር አትችዪም። ስለዚህ ቅድሚያ የሚሰጠው እሱ ነው። በመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት ለጽሑፉ በሳምንት 12 ሰዓት መድቢ፤ ሦስት ቀን፣ በቀን አራት ሰዓት፣ ጠዋት ላይ። ለመውጫ ፈተና 6 ሰዓት ይበቃል። ሙሉ ረቂቁን በመጋቢት መጨረሻ ለአማካሪሽ ስጪ። ከዚያ ሚዛኑን ገልብጪው፤ እሳቸው እያነበቡ ሳለ አንቺ ለፈተናው በሳምንት 14 ሰዓት ትሠሪያለሽ፤ ጽሑፉ ሲመለስ ለእርማት ሁለት ሳምንት ይበቃል። የፋሲካን ሳምንት ባዶ አድርጊና ጻፊው፤ ካልጻፍሽው እንደሠራሽበት ትቆጥሪውና ከዚያ በኋላ ያለው ሰሌዳ ሁሉ ይፈርሳል። በመጨረሻዎቹ አምስት ሳምንታት በየቅዳሜው ጠዋት ሙሉ የመቶ ጥያቄ መለማመጃ ይኑርሽ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ስሕተቱን በሦስት መክፈል።

ጽሑፉ ምዕራፍ ሦስት ላይ የቆመው ምናልባት ጥያቄው ስለሰፋ ነው። መሞከሪያው ቀላል ነው፤ የምርምር ጥያቄሽን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ፤ በውስጡ አንድ ሕግ፣ አንድ ፍርድ ቤት ወይም ተቋምና አንድ የጊዜ ወሰን ከሌለ አጥብቢው። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለሰፈርሽ ቅርብ ነው፤ ቤት ውስጥ ስልኩም እንግዳውም የማያስጽፍሽ ከሆነ እነዚያን ሦስት ጠዋቶች እዚያ አሳልፊ።

የ14ቱን ሰዓት ክፍፍል ደግሞ በመውደድ አታድርጊው። የፈተናው ንድፍ፣ ተማሪ ሁሉ ብሉ ፕሪንት የሚለው፣ የትኛው ዘርፍ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ያሳያል። ከአንድ ዘርፍ 12 ጥያቄ ቢመጣና አንቺ 5 የምትመልሺ ብትሆኚ የምታጪው 7 ነው። ከሌላው 4 ቢመጣና 1 ብትመልሺ የምታጪው 3 ነው። ሁለተኛው ላይ በመቶኛ የባስሽ ትመስያለሽ፤ ጊዜሽ ግን ወደ መጀመሪያው ይሂድ። ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ሦስተኛ ነገር ነው፤ የሚወደውን ዘርፍ ደጋግሞ ማንበብ፤ ያረጋጋል እንጂ ነጥብ አይጨምርም።

ሌላው በዝምታ ነጥብ የሚበላ ነገር የተሻረ ሕግ ነው። ከታላላቆችሽ የሚወራረሱት ማስታወሻዎች ብዙዎቹ ከ2011 በፊት የተጻፉ ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 377/96 በ1156/2011 ተተክቷል፤ የሙከራ ጊዜው ከ45 ቀን ወደ 60 የሥራ ቀን ከፍ ብሏል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ 25/88 በ1234/2013 ተተክቷል፤ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቱ የሚያየው የፍትሐ ብሔር ጉዳይ የገንዘብ ጣሪያም ከ500 ሺህ ወደ 10 ሚሊዮን ብር ሄዷል። የንግድ ሕጉ በአዋጅ 1243/2013 ሲወጣ የ1952ቱ ሕግ አንደኛ፣ ሁለተኛና አምስተኛ መጻሕፍት ተሽረዋል፤ ስለ ማጓጓዝና መድን፣ ስለሚተላለፉ የገንዘብ ሰነዶችና ስለ ባንክ ሥራ የሚናገሩት ሦስተኛውና አራተኛው ግን ቀርተዋል። ስለዚህ «የድሮው ንግድ ሕግ ጠፍቷል» የሚለውም፣ «እንደነበረ ነው» የሚለውም ይሳሳታሉ። በያዝሽው ማስታወሻ ሁሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የትኛውን አዋጅ ተከትሎ እንደተጻፈ በእርሳስ ጻፊ፤ አዋጁ የተተካ ከሆነ ማስታወሻውን ለጽንሰ ሐሳብ እንጂ ለቁጥር አትመኚው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ጭንቀቱ ፈተና ሲመጣ የሚመጣ፣ ፈተና ሲያልፍ የሚያልፍ ሲሆን ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ ሳያቋርጥ እንቅልፍ የነሳሽ፣ ምግብ ያስጠላሽ፣ ከፈተና ውጪ ድንገት እየመጣ ትንፋሽ የሚያሳጥርሽ ከሆነ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲሽ የተማሪዎች ክሊኒክና የምክር አገልግሎት ሂጂ፤ እስከ ሰኔ አትጠብቂ። መኖር ያስጠላሽ እንደሆነ ደግሞ የዚያኑ ቀን ለቅርብ ሰው ንገሪና አብራችሁ ወደ ሕክምና ሂዱ፤ በከተማችን አማኑኤል ሆስፒታል ለዚሁ የተቋቋመ ነው። መለማመጃውም ጽሑፉም ይቆያሉ።

ለዚህ ሳምንት ሁለት ሥራ ብቻ ነው ያለሽ። 59ኙን ለዪ፤ ለአማካሪሽም ሦስት መስመር ኢሜይል ጻፊ። በመጀመሪያው የጠበበውን ጥያቄሽን፣ በሁለተኛው ምዕራፍ ሦስትን የምታስረክቢበትን ቀን፣ በሦስተኛው ሙሉ ረቂቁን ለማንበብ ስንት ሳምንት እንደሚፈልጉ ጠይቂያቸው። «እየሠራሁ ነው» ብቻ የሚል ኢሜይል መልስ አያመጣም፤ ቀን ያለበት ኢሜይል ግን ያመጣል። የእሳቸው መልስ ከሦስት ሳምንት በላይ ከሆነ የመጋቢቱን ቀን በዚያው ልክ ቀደም አድርጊውና ለፈተናው የመደብሽውን 6 ሰዓት ወደ 4 ዝቅ አድርጊ፤ ሌላው ሰሌዳ እንዳለ ይሂድ።